«እዚህ ጋ እንደምታዩት» ስንል ማን ያያል?

ውድ ተሰብሳቢዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይደርሳችኋል? ጥሩ፤ አመሰግናለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከጀርባዬ ባለው ስክሪን ላይ አሁን ያለው የንግግሬ ርዕስ ብቻ ነው። ነጭ መደብ ላይ በጥቁር ተጽፏል። ፎቶ የለውም፣ ግራፍ የለውም። ይህን ለምን እንደነገርኳችሁ ትንሽ ቆይቶ ግልጽ ይሆናል።

ዛሬ የማወራው ስለ ስላይድ ነው። ማየት ወይም መስማት የሚቸግረው ሰው እኛ ያዘጋጀነውን ስላይድ እንዴት ይጠቀምበታል? ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛው ቆመን ስንናገር ከአፋችን የሚወጣው ቃል ነው። ሁለተኛው ምስል ላይ የምንጽፈው መግለጫ ነው። ሦስተኛው ቪዲዮ ላይ የምናስገባው ካፕሽን፣ ማለትም የሚሰማውን በጽሑፍ የሚያሳየው ነው። የመጀመሪያው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን የወደቅኩት እሱ ላይ ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሠልጣኞች የግማሽ ሰዓት ገለጻ አደረግኩ። ጥሩ የሄደልኝ መስሎኝ ነበር። ሲያልቅ አንድ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነጭ ዘንጉን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ማየት የተሳነው ነው። «ወንድሜ፣ ንግግርህን ወድጄዋለሁ» አለኝ። «አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። በአራተኛው ወር ላይ የዘለለው ምንድን ነው?»

ስላይዱ ላይ ግራፍ ነበር። የስድስት ወር የደንበኞች ቅሬታ። እኔ ያልኩት ግን «እዚህ ጋ እንደምታዩት በአራተኛው ወር በጣም ዘሎ ነበር፤ ከዚያ ወረደ» ነው። «ቅሬታ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳሁም! ግራፉ ላይ ተጽፏላ። ማታ ቤቴ ገብቼ የንግግሬን ቅጂ አዳመጥኩ። በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ «እንደምታዩት» የሚለውን አሥራ አንድ ጊዜ ብያለሁ። «ይሄኛው»፣ «እዚህ ጋ»፣ «ያ ቀዩ» ያልኩትን አልቆጠርኩም። ለዚያ ሰው እያንዳንዳቸው ባዶ ቦታ ነበሩ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነጥብ ይኸው ነው። ብዙ ሰው «ምስሎቼ ሁሉ መግለጫ አላቸው፤ ጨርሻለሁ» ይላል። ነገር ግን መግለጫው የሚቀመጠው ፋይሉ ውስጥ ነው። የሚያነበው ስክሪን ሪደር ነው፤ ፋይሉን በኮምፒውተሩ ለከፈተ ሰው ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም። አዳራሽ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው አይደርሰውም። አዳራሽ ውስጥ ያለው የእናንተ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ስላይዱ ላይ ያለ ቁም ነገር ሁሉ በአፍ መባል አለበት። በአፍ መባል አለበት! ሁለት ጊዜ ያልኩት ዋናው እሱ ስለሆነ ነው።

እንዴት? አሁን ያንን ግራፍ ሳሳይ እንዲህ እላለሁ፦ «ይህ የመስመር ግራፍ ነው። በየወሩ የደረሰንን ቅሬታ ያሳያል። ለሦስት ወር 40 አካባቢ ነበር። በአራተኛው ወር 90 ገባ። ከዚያ ወደ ቦታው ተመለሰ።» ምን ዓይነት ምስል እንደሆነ፣ ምን እንደሚለካ፣ ምን ለውጥ እንደታየበት። ጮክ ብላችሁ ሞክሩት፤ ሃያ ሰከንድ እንኳ አይፈጅም። አንድን ስላይድ በቃል ለመግለጽ ሁለት ሦስት ደቂቃ ከፈጀባችሁ ችግሩ ስላይዱ ነው። በዝቶበታል ማለት ነው። ለሁለት ክፈሉት። የሚያየውም ሰው ያመሰግናችኋል።

ለማይሰማ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እኛ የምንሰማና የምናይ ሰዎች ስላይዱን እያየን ተናጋሪውን እንሰማለን። የማይሰማ ሰው ግን የሚያነብበትም የሚያዳምጥበትም ያው አንድ ዓይኑ ነው። ካፕሽን እያነበበ ወይም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እያየ ከሆነ ስላይዱን ማየት አይችልም። ስለዚህ አዲስ ስላይድ ስታወጡ ዝም በሉ። አምስት ሰከንድ ያህል ዝም በሉ። አይቶ ይጨርስ፤ ከዚያ ተናገሩ። መጀመሪያ ሰሞን ያ ዝምታ ሊያስጨንቃችሁ ይችላል። ተናጋሪው ላይ እንጂ አድማጩ ላይ ግን ረጅም አይደለም። ወደ ስክሪኑ ዞራችሁም አትናገሩ፤ ከንፈር የሚያነብ ሰው ፊታችሁን ይፈልጋል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልግባ። የምስል መግለጫ።

ፓወርፖይንት ላይ ምስሉን በቀኝ ጠቅ ስታደርጉ View Alt Text የሚል ይመጣል፤ አንዳንዱ ላይ Edit Alt Text ይላል። ጎግል ስላይድስ ላይ ምስሉን መርጣችሁ Ctrl+Alt+Y ትጫናላችሁ። መጻፊያ ሳጥን ይከፈታል። ከቴክኒክ በኩል ያለው ይኸው ነው። ከባዱ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደሚጻፍ ነው።

ያንኑ የቅሬታ ግራፍ እንውሰድ። እኔ መጀመሪያ ሳስቀምጠው ምንም አልጻፍኩበትም ነበር። ስክሪን ሪደሩ ምን አለ? «ምስል» አለና አለፈ። አለቀ። ከዚያ ሰው ጋር ከተነጋገርኩ በኋላ ተመልሼ «ግራፍ» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ከምንም ይሻላል? አይሻልም። አድማጩ የሆነ ነገር እንዳመለጠው ያውቃል፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም።

ቀጥሎ «ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ሰማያዊ መስመር፣ መሃል ላይ ከፍ ያለ» ብዬ አሻሻልኩት። ይህ መልኩን ይናገራል እንጂ ሐሳቡን አይናገርም። መስመሩ ሰማያዊ ሆነ አረንጓዴ ለውጥ አለው? የለውም። ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጽንፍ ሄድኩ። የስድስቱንም ወር ቁጥር፣ የሁለቱንም ዘንግ ስም፣ የርዕሱን የፊደል ዓይነት ሳይቀር ጻፍኩ። ይህንን ለዚያ ሰው ላክሁለት። በትሕትና እንዲህ አለኝ፦ «ስክሪን ሪደር መግለጫን አንድ ትንፋሽ አድርጎ ነው የሚያነበው። መሃል ላይ ሦስተኛው ቁጥር ስንት ነበር ብዬ ወደ ኋላ መመለስ ያስቸግረኛል። እንደገና ከመጀመሪያው መስማት አለብኝ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ጽሑፍ ሲሆን ቃል በቃል፣ መስመር በመስመር መመላለስ ይቻላል። መግለጫ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ቁራጭ ነው የሚሰማው። ስለዚህ አጭር መሆን አለበት። አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር። በመጨረሻ የጻፍኩት ይህ ነው፦

«የመስመር ግራፍ፦ ወርሐዊ ቅሬታ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 40 አካባቢ ነበር፤ በአራተኛው ወር ወደ 90 ዘለለ፤ በስድስተኛው ወር ወደ 44 ወረደ።»

ዝርዝር ቁጥሮቹስ? ለሚፈልጋቸው በሚቀጥለው ስላይድ ላይ በሠንጠረዥ አስቀመጥኳቸው። የእውነት ሠንጠረዥ፤ የተነሳ ፎቶ አይደለም። የሠንጠረዥ ፎቶ ለስክሪን ሪደር ሠንጠረዥ አይደለም፤ ምስል ነው።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አንዲት ሠራተኛ ማሽን ስታንቀሳቅስ የሚያሳይ ፎቶ አላችሁ እንበል። መግለጫው ምን ይሁን? መልሱ «ንግግሩ ስለ ምን ነው?» የሚለው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለ ደኅንነት ከሆነ «ሠራተኛዋ ወፍራም ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጋ ማሽኑን ስትሠራ» ይባላል። ስለ ማሽኑ አሠራር ከሆነ ጓንቱን ተዉትና እጇ የትኛው ቁልፍ ላይ እንዳለ ጻፉ። ፎቶው ያው ነው፤ መግለጫው ሁለት ነው። ለዚህ ነው መግለጫን ስላይዱን ያዘጋጀው ሰው ራሱ መጻፍ ያለበት። ፎቶውን ለምን እንዳስገባው የሚያውቀው እሱ ነው።

ለጌጥ ብቻ የገባ ምስልስ? ጥግ ላይ ያለች መስመር፣ የጀርባ አበባ? እሱ ላይ ምንም አትጻፉ። ባዶ ግን አትተዉት፤ ፓወርፖይንት ላይ እዚያው ሳጥን ሥር Mark as decorative የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ያኔ ስክሪን ሪደሩ ያልፈዋል። ሌላም አለ። «የ… ምስል» ብላችሁ አትጀምሩ። ስክሪን ሪደሩ ራሱ «ምስል» ይላል። «ምስል፤ የሴት ምስል» እየተባለ ሃያ ስላይድ መስማት ያደክማል።

የንባብ ቅደም ተከተልም ይጎዳል። ስላይዱ ላይ መጀመሪያ ያስገባችሁት ነገር መጀመሪያ ይነበባል፤ ዓይን የሚያየው ቦታ ለስክሪን ሪደሩ ምንም አይደለም። ርዕሱን መጨረሻ ላይ የጽሑፍ ሳጥን ስላችሁ ከጻፋችሁት መጨረሻ ላይ ይነበባል። ለማወቅ ቀላል ነው። ስላይዱ ላይ ምንም ሳትመርጡ Tab እየተጫናችሁ ሂዱ። ምልክቱ የሚዘልበትን ተከተሉ። ከርዕሱ ጀምሮ በአሳባችሁ መንገድ የሚሄድ ከሆነ ደህና ነው። ካልሆነ ፓወርፖይንት ላይ Alt+F10 ተጫኑና በሚከፈተው ዝርዝር ላይ አስተካክሉት። ዝርዝሩ የሚነበበው ከታች ወደ ላይ መሆኑን ግን አትርሱ፤ ርዕሱ ከሁሉ በታች መሆን አለበት። ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ እኔንም አሳስቶኛል።

እዚህ ላይ በአማርኛ ለምንጽፍ አንድ ነገር ልጨምር። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች የላቲን ፊደል ኮድ ላይ የእኛን ፊደል መልክ የሚያለብሱ ነበሩ። ለዓይን አማርኛ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነው። ስክሪን ሪደር የሚያነበው ኮዱን ስለሆነ የማይጨበጥ ነገር ይሰማል። የድሮ ስላይድ ቆርጣችሁ የምትለጥፉ ከሆነ ፈትሹ። ጽሑፉን ምረጡና ፎንቱን ወደ Arial ቀይሩት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ደህና ነው። ወደ ላቲን ዝብርቅርቅ ከተለወጠ እንደገና መተየብ አለበት። ሌላ መንገድ የለውም ባልልም፣ ትንሽ ጽሑፍ ከሆነ መተየቡ ይፈጥናል።

ፓወርፖይንት Review በሚለው ሥር Check Accessibility የሚል መፈተሻ አለው። ተጠቀሙበት፤ መግለጫ የጎደለውን ምስልና ርዕስ የሌለውን ስላይድ ይነግራችኋል። ነገር ግን ገደቡን እወቁ። «ግራፍ» ብዬ የጻፍኩትን መፈተሻው ያልፈዋል። ሳጥኑ ባዶ አይደለምና! መግለጫ መኖሩን እንጂ መግለጫው መናገሩን አያውቅም።

ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ በ«ፕሪንት» መንገድ አትሂዱ። እንደዚያ ስታደርጉ መግለጫዎቻችሁ ይጠፋሉ። Save As ብላችሁ PDF ምረጡ፤ Options ውስጥ Document structure tags for accessibility የሚለው ምልክት እንዳለበት አረጋግጡ። ከተቻለ ዋናውን ፋይል ራሱን ላኩ። ከንግግሩ አንድ ቀን በፊት። ንግግሩ ካለቀ በኋላ የደረሰ ስላይድ ለማያይ ሰው ምን ይሠራለታል?

ቀለምን በተመለከተ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፦ «ቀዩ መጥፎ፣ አረንጓዴው ጥሩ» ብላችሁ አትተዉ፤ መስመሩ አጠገብ ስሙን ጻፉበት።

አሁን ሦስተኛው። ካፕሽን።

በሌላ ሥልጠና ላይ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ አሳየን። አንድ ማሽን እንዴት እንደሚጸዳ ያስተምራል። ካፕሽኑን በችኮላ ነበር የተየብነው። በዕረፍት ሰዓት መስማት የሚቸግራቸው አንድ አባት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ገመዱ ሲነቀል ክዳኑ አይከፈትም ማለት ነው? ታዲያ በኤሌክትሪክ ላይ እያለ ነው የምንከፍተው?» አሉኝ። ደነገጥኩ። ሄጄ አየሁት። ተራኪው ያለው «ገመዱን ሳትነቅሉ ክዳኑን እንዳትከፍቱ» ነው። እኛ የጻፍነው «ገመዱን ስትነቅሉ ክዳኑን እንዳትከፍቱ» ነው።

አያችሁ? «ሳ» እና «ስ»። አንዲት ፊደል! ሁለቱም ትክክለኛ አማርኛ ናቸው። የፊደል ማረሚያ አይይዘውም። ቪዲዮውን የሚሰማ ሰው ጆሮው ስለሚያርመው ስሕተቱን አያስተውልም። ስሕተቱ የሚደርሰው ካፕሽኑን ብቻ ለሚያነበው ሰው ነው። እሳቸው ባይጠይቁኝ ኖሮስ?

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዝኩ። ካፕሽን ሲያልቅ አንድ ጊዜ አፍራሽ ቃላትን ብቻ እየፈለግኩ አነባለሁ። «አት»፣ «አል»፣ «አይ»፣ «ሳ»፣ «እንዳ»። ሁለተኛ ዙር ቁጥሮችን ብቻ። ሦስተኛ ዙር ስሞችን ብቻ። ኮምፒውተር ራሱ የሚያወጣው ካፕሽንም የሚሳሳተው በብዛት እነዚህ ላይ ነው። ረቂቅ አድርጋችሁ ተጠቀሙበት፤ ሳታርሙት አታሳዩት።

ሌላው አቆራረጡ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ይሁን» ወይም «አይሁን» የሚለው የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ከግሱ በፊት ቆርጣችሁ ግሱን ወደሚቀጥለው ካፕሽን ካሻገራችሁት አንባቢው ግማሽ ትእዛዝ ይዞ ይቆያል። «ገመዱን ሳትነቅሉ ክዳኑን» የሚል ይወጣና ይጠፋል። ከዚያ «እንዳትከፍቱ አሁን ቀዩን ቁልፍ» ይመጣል። ይህ እንዴት ይነበባል? ግሱና ግሱ የሚገዛው ነገር አንድ ላይ ይውጡ።

በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ አይውጣ። በጣም አጭሩም ቢያንስ አንድ ሰከንድ ይቆይ። ረጅሙ ከስድስት ሰባት ሰከንድ አይለፍ። ቀላሉ መለኪያ ራሳችሁ ናችሁ፦ ጮክ ብላችሁ ሳትቸኩሉ አንብባችሁ ሳትጨርሱ ከጠፋ፣ ይፈጥናል።

ፋይሉ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በኖትፓድ ይሠራል። ያንኑ ቪዲዮ ያስተካከልኩት እንዲህ ነው፦

```
WEBVTT

00:00:12.000 --> 00:00:15.500
ገመዱን ሳትነቅሉ
ክዳኑን እንዳትከፍቱ።

00:00:16.000 --> 00:00:18.500
[ማሽኑ ሦስት ጊዜ ይጮኻል]
```

የመጀመሪያው መስመር ግዴታ ነው። ከሰከንዱ በኋላ ያለችው ነጥብ ናት፤ ኮማ ካደረጋችሁት አይሠራም። ኮማ የሌላ ዓይነት የካፕሽን ፋይል ነው። ስታስቀምጡት መጨረሻው .vtt ይሁን፤ Encoding የሚለው ላይ UTF-8 ምረጡ። ካልመረጣችሁ ፊደላችን የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ፓወርፖይንት ላይ ቪዲዮውን መርጣችሁ Playback ውስጥ Insert Captions ብላችሁ ፋይሉን ታስገባላችሁ።

ሁለተኛውን ካፕሽን ልብ በሉልኝ። በቅንፍ ውስጥ ያለውን። ማሽኑ ጽዳቱን ሲጨርስ ሦስት ጊዜ ይጮኻል። ተራኪው ስለ ድምፁ ምንም አይልም፤ ሁሉም ይሰማዋላ። የማይሰማው ሰው ግን ማሽኑ መጨረሱን በምን ይወቅ? ንግግሩን ብቻ ብንጽፍ ይህ ይቀር ነበር። ትርጉም ያለውን ድምፅ ጻፉ። ከሥር የሚያንጎራጉረውን ሙዚቃ በየደቂቃው አትጻፉ፤ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ይበቃል።

ያው ቪዲዮ ለማያየው ሰውም ችግር ነበረበት። አንድ ደቂቃ ያህል እጅ ሲሠራ ብቻ ይታያል፤ የሚሰማው ሙዚቃ ነው። አሁን እዚያ ላይ ድምፁን ዝቅ አደርግና «ማጣሪያውን ወደ ግራ አዙራ አወጣችው፤ ውሃ ሥር ያዘችው» እያልኩ እናገራለሁ። ተራኪው ሲናገር ግን ዝም እላለሁ።

በንግግር ሰዓት ቀጥታ የሚወጣ ካፕሽንም አለ። ፓወርፖይንት Slide Show ውስጥ Always Use Subtitles የሚል አለው። ቋንቋችሁ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ቀድማችሁ እዩ። Subtitle Settings ውስጥ ደግሞ Below Slide የሚለው መመረጡን አረጋግጡ። Bottom (Overlaid) የሚለው ከተመረጠ ጽሑፉ ስላይዱ ላይ ይወጣና የታችኛውን መስመራችሁን ይሸፍናል። በሰው የሚተየብ ከሆነ ለተየቢው ከአንድ ቀን በፊት የስሞችና የሙያ ቃላት ዝርዝር ስጡት። ይህች አንድ ገጽ ወረቀት ብዙ ስሕተት ታድናለች።

ከመቅረባችሁ በፊት ሁለት ፈተና አድርጉ። ቪዲዮውን ድምፁን ዘግታችሁ እዩት። ከዚያ ስክሪኑን አጥፍታችሁ ስላይዳችሁን በስክሪን ሪደር አዳምጡት። ዊንዶውስ ላይ NVDA በነፃ ይገኛል። ማክ ላይ VoiceOver አብሮት አለ። አሥር ደቂቃ ነው። የት ላይ እንደምትጠፉ ጆሯችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

እኔ ያዘጋጀሁት ይህን ያህል ነው። አሁን ጥያቄ እንቀበላለን። አንድ ልመና አለኝ። ድምፃችሁ ትልቅ ቢሆንም እባካችሁ ማይክሮፎኑ እስኪደርሳችሁ ጠብቁ። ካፕሽኑን የሚተይበው ባልደረባችን የሚሰማው ከማይክሮፎን የሚመጣውን ብቻ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ ያደረጉም እንዲሁ። ስትጀምሩ ስማችሁን ተናገሩ፤ ማን እንደሚናገር የማያይ ሰው እንዲያውቅ። ማይክሮፎኑ ያልደረሰበት ጥያቄ ካለ እኔ ደግሜ እናገረዋለሁ።

በግራ በኩል፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እጅዎን ያነሱት፤ ይቀጥሉ።